ንግግሩ በስልክ እንዲሰማ

ውድ አባላት፣

ትናንት ያየነው የቡና ትዕይንት በስቱዲዮው ድምፅ ማጉያ ጥሩ ነበር፤ በስልክ ግን እናትየው «ልጄ፣ ተመለስ» ስትል የሚሰማው ማሲንቆው ነው። ትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አታወጣም። ቃላትን የምንለይባቸው ተነባቢዎች በአብዛኛው የሚሰሙት ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ የማሲንቆው ስለታም ድምፅም እዚያው ይጋፋቸዋል።

ስለዚህ ሙዚቃውን በሙሉ ከማዳከም ይልቅ፣ ንግግር ባለበት ብቻ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ 4 ዴሲቤል ያህል በኢኳላይዘር ቀንሱለት። የሲኒው ኳኳታም ቃል ላይ እንዳያርፍ ተናጋሪዋ ትንፋሽ ወደምትወስድበት ክፍተት አንሸራትቱት።

ከዚያ ድምፁን ወደ ሞኖ ቀይራችሁ፣ የስልኩን ድምፅ ግማሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ጽሑፉን ላላነበበ ሰው አሰሙት። እኛ ቃሉን ስለምናውቀው የጎደለውን ጆሯችን ይሞላልናል።