መቶው ዶላር የት ገባ? ለሰሜን ሸዋ ዞን የገቢዎች መምሪያ ኃላፊ

ይድረስ ለክቡርነትዎ፣

ደብረ ብርሃን ቤቴ ተቀምጬ በኢንተርኔት የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ውጭ አገር ናቸው። ሱቅም ታፔላም የለኝም። ሰኔ 30 ሲደርስ ግን እንደማንኛውም ነጋዴ ዓመቴን እዘጋለሁ።

መጀመሪያ ዓመት መዝገቤ የባንክ ስቴትመንት ብቻ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ወንድሜ ለላፕቶፕ ያበደረኝ 20,000 ብር ከደንበኞች ክፍያ ጋር ተደባልቆ ነበር። ብድር ገቢ አይደለም፤ ስቴትመንቱ ግን ይህን አይናገርም። አሁን ለሥራው ብቻ ሌላ ሒሳብ ከፍቻለሁ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። አንድ ሥራ በ100 ዶላር ሠራሁ እንበል። ከደንበኛው ጋር የሚያገናኘኝ ድረ ገጽ 10 ዶላር ኮሚሽን ይቆርጣል፤ ለማስተላለፊያ 2 ዶላር ይሄዳል። ባንክ የሚደርሰው 88 ነው። ለሒሳብ እንዲቀለን ዶላሩን 130 ብር እናድርገው። እኔ የጻፍኩት የደረሰኝን 11,440 ብር ነበር። መጻፍ የነበረብኝ ግን ገቢ 13,000፣ ወጪ 1,560 ነው። ትርፉ ያው ነው፤ ታዲያ ምን ለውጥ አለው? የግብር ከፋይ ደረጃ የሚታየው በጠቅላላ ገቢ እንጂ በተጣራው አይደለም። ይባስ ብሎ 11,440ውን ገቢ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ኮሚሽኑን እንደገና ወጪ አድርጌዋለሁ። አንዱን ወጪ ሁለቴ ቀነስኩ ማለት ነው።

ምንዛሪውንም በየክፍያው ቀን እጽፋለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ ማባዛት አያዋጣም።

አሁን ደብተሬ ቀላል ነው፦ ቀን፣ ደንበኛ፣ ሙሉ ዶላር፣ የዕለቱ ምንዛሪ፣ ብር፣ ተቆራጭ፣ የማስረጃ ቁጥር። በየወሩ መጨረሻ የድረ ገጹን የገቢ መግለጫ አትሜ ከባንኩ ወረቀት ጋር እሰፋዋለሁ። የድረ ገጹ አካውንት በድንገት ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ወጪ ላይም ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ወርሃዊው ኢንተርኔት 1,500 ብር ሆኖ ልጆቹ ሲሦውን ፊልም ካዩበት፣ የሥራው ወጪ 1,000 ብር ነው። የ60,000 ብሩ ላፕቶፕም በአንድ ዓመት ወጪ ተደርጎ አያልቅም። በእኩል የእርጅና ቅናሽ ለኮምፒውተር 20 በመቶ ስለሚያዝ፣ ለሥራ ብቻ ከዋለ ሙሉ ዓመቱ 12,000 ብር ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። በዚህ መልክ የተሞላ የአንድ ገጽ ናሙና በየወረዳው መስኮት ይለጠፍልን። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ልጅ ለዚህ ብሎ ደብረ ብርሃን ድረስ አይመላለስ። ናሙናው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ በሽያጭ መጠን የሚከፍል ሰው ግብሩ የሚሰላው ከ100 ዶላሩ ነው ወይስ ከ88ቱ? እሱ ወጪ ስለማይቀንስ ልዩነቱ በቀጥታ ኪሱን ይነካል።

ለማሳያ የሚሆን ደብተር ከፈለጉ የእኔን አመጣለሁ፤ የደንበኞቼን ስም ሸፍኜ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደብረ ብርሃኑ ተርጓሚ