ያ ማስታወቂያ ይውረድ፦ ስለ አረጋውያን አጥንት ለከተማችን የጤና ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም። ባለፉት ሰባት ወራት አንድ ጤና ጣቢያ አረጋውያን ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ፀሐይ ይሙቁ ብሎ ግድግዳው ላይ ስለለጠፈው ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአካል ቀርቤ አመልክቻለሁ። ማመልከቻዎቹ መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መልስ ግን የላቸውም። በአካል የቀረብሁ ዕለት የተነገረኝ «ለእናትዎ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ ሌላ ምን ይደረግ?» የሚል ነው። ምን መደረግ እንደነበረበት እነሆ እጽፋለሁ።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ደጃፍ ላይ ተንሸራትታ በእጇ ስትመረኮዝ የእጇ አንጓ ተሰበረ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ከቆመበት በመውደቁ ብቻ ከተሰበረ አጥንቱ መሳሳቱ ሊመረመር እንደሚገባ እርስዎ ያውቃሉ። ጤና ጣቢያው የካልሲየም እንክብል አዘዘላት፤ የተለጠፈውን ወረቀትም እያሳዩ «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ፀሐይ ይሙቁ» አሏት። እናቴ የታዘዘችውን የምታጓድል ሰው አይደለችም። ለ14 ወራት በየማለዳው ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጋቢዋን በላይ ደርባ፣ ከጣና ብዙም በማይርቀው ግቢያችን በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት ከአልጋ ስትነሣ ወደቀችና የጭኗ አጥንት ከአንገቱ ላይ ተሰበረ።

ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሐኪም በደሟ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ እንዲለካ አዘዘ። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተልኮ የመጣው ውጤት በሚሊ ሊትር 9 ናኖግራም ነበር። ለአጥንት በቂ ተብሎ በብዙ ቦታ የሚወሰደው 20 ሲሆን ከ12 በታች ሲሆን ጉድለት ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ፀሐይ የሞቀች ሴት ይህን ያህል መጉደሏ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ብቻ ነው። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ብርሃኗ አየሩን አግድም ረጅም መንገድ ስለሚያቋርጥ ይህ ጨረር አብዛኛው ኦዞን ውስጥ ይቀራል። ሙቀቱ ይሰማናል፤ የሚፈለገው ጨረር ግን ከእኛ አይደርስም። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥላን ማየት ይበቃል። ጥላችን ከቁመታችን ሲረዝም ቆዳችን የሚሠራው ቫይታሚን እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ቀን 1 ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ በተቀመጠችበት በረንዳ ዳር ቆሜ ጥላዬን በእርምጃ ለካሁት፤ የቁመቴን ሦስት እጥፍ አልፎ እስከ አጥሩ ደርሶ ነበር። በባሕር ዳር ጥላ ከቁመት የሚያንሰው እንደ ወሩ ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላም እንደ ወሩ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ወይም እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። ከተማችን ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቀች ጨረሩ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ በክረምት ግን ደመናው ይቀንሰዋል።

ሰዓቱ ቢስተካከልም ፀሐይ ብቻውን ለእንደ እናቴ ያለ ሰው አይበቃም። የአረጋዊ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ አንድ ወጣት በተመሳሳይ ጊዜ ከሚያገኘው ግማሹን እንኳ አያገኝም፤ ጠየም ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በጋቢ የተሸፈነ ክንድ ወይም ከመስኮት መስተዋት ኋላ የተቀመጠ ሰው ከጨረሩ የሚያገኘው የለም ማለት ይቻላል። ሰባ ስድስት ዓመት የሆናትን ሴት በቀትር ፀሐይ ለረጅም ሰዓት አስቀምጡ ማለት ደግሞ ለሌላ ጉዳት መዳረግ ነው። ስለዚህ ነው ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የሚመከረው። ከምግብ ይህን ማግኘት ከባድ ነው፤ አንድ የእንቁላል አስኳል 40 ዩኒት ገደማ ቢሰጥ ነው። ለእናቴ ግን በእንክብልም አልታዘዘላትም።

የታዘዘላት ካልሲየምም የተሰጠው እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ካልሲየም 500፣ በቀን አንድ» የሚል ብቻ ነበር። ማሸጊያውን ሳነብበው 500 ሚሊ ግራም የተባለው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ካልሲየሙ 40 በመቶ፣ ማለትም 200 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ካርቦኔት በደንብ እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ስለሚያስፈልገው ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። እናቴ ግን ለጨጓራዋ ከታዘዘላት ኦሜፕራዞል ጋር ማለዳ በባዶ ሆድ ትውጠው ነበር፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን የሚቀንስ ነው። ሁለቱንም ያዘዘው ያው ጤና ጣቢያ ነው።

ምን እንደምትበላም የጠየቃት የለም። በዐቢይ ጾም የአንድ ቀን ምግቧን ደምሬ አይቼዋለሁ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት እስከ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ በቀን የምትበላው እንጀራ 150 ግራም ያህል ዱቄት ቢይዝ 270 ይሆናል። መቶ ግራም የበሰለ ጎመን ሲጨመር 140 ያህል ይመጣል፤ ሽሮው የሚያዋጣው ጥቂት ነው። ድምሩ ከ450 ብዙም አይዘልም፤ በእሷ ዕድሜ የሚመከረው ግን 1200 ነው። በፍስክ ቀን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ገደማ ይጨምርላታል። አይብ የምትወድ ናት፤ ነገር ግን አይብ ሲነጠር የወተቱ ካልሲየም አብዛኛው በአጓቱ ይሄዳል፤ በእኛ ቤት አጓቱ ይደፋ ነበር። የጣና ዓሣም ቢሆን ሥጋው ብቻ ሲበላ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። እነዚህን ለአንዲት አረጋዊት ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ትክክለኛው መድኃኒት ቢሰጣት ኖሮ በእርግጥ አትሰበርም ነበር አልልም፤ ያን ማንም ሊል አይችልም። የምለው ምልክቱ ከፊታቸው ነበር ነው። ከመውደቋ ወራት በፊት ከዱካ ላይ ያለ እጇ ድጋፍ መነሣት እንዳቃታት፣ ጭኗንና ቅልጥሟንም እንደሚያማት ተናግራ ነበር። የቫይታሚን ዲ ጉድለት ጡንቻን እንደሚያደክምና አጥንትን እንደሚያሳምም የጤና ባለሙያ ያውቃል። የተሰጣት መልስ «እርጅና ነው» የሚል ነበር።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ማስታወቂያው ይነሣ ወይም ሰዓቱ ይታረም። ካልሲየም ሲታዘዝ የንጹሕ ካልሲየሙ መጠንና ከምግብ ጋር እንደሚወሰድ በአማርኛ ይጻፍ። አንድ ጊዜ የተሰበረ አረጋዊ ፀሐይ ሙቅ ተብሎ ብቻ ወደ ቤቱ አይላክ።

እናቴ አሁን በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ትሄዳለች። ባለፈው ረቡዕ የግፊት መድኃኒቷን ላመጣላት ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ወረቀቱ ከካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ እንደተለጠፈ ነው፤ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እጃቸው በጀሶ የታሰረ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ልጃቸው ከ1 እስከ 2 ሰዓት የሚለውን ጮክ ብላ ታነብላቸው ነበር።

የታማሚዋ ልጅ
ባሕር ዳር