አክታው ነጻ ነው ከተባለ በኋላ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአዳማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለረጅም ዓመታት ላጨሱ ታካሚዎች የትንፋሽ አቅም ምርመራ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

በከተማችን የትንፋሽ አቅም ምርመራ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ውጤቱ ነጻ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዞለት ይሸኛል እንጂ ስንት ዓመት እንዳጨሰ የሚጠይቀው የለም።

ከጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌሮች አንዱን ላንሳ። ዕድሜው 56 ነው፤ ለ30 ዓመት በቀን አንድ ፓኮ አጭሷል። ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል ከጀመረው ቆይቷል፤ የሲጋራ ሳል ነው ብሎ ችላ አለው። ኋላ ጎማ ሲቀይር መሃል ላይ ቆሞ መተንፈስ አስፈለገው፤ ይህንንም በዕድሜ አመካኘ። አክታው በተደጋጋሚ ነጻ ነው ተባለ፤ ራጁም ደህና ነበር። የሚያጨሱ ሰዎች የሚያዙበት ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ግን ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይ ይችላል።

በስፓይሮሜትር ሲለካ ሌላ ነገር ታየ። አየር እስኪሞላ ስቦ፣ ቱቦውን በከንፈሩ አጥብቆ ይዞ፣ ባለ ኃይሉ መንፋት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ቶሎ አቆመ። እንዲህ ሲሆን አጠቃላዩ አየር ከእውነተኛው ያነሰ ይመዘገብና በሽታው ይሸፈናል፤ ስለዚህ “ጨምር፣ ጨምር” እያልኩ ቢያንስ ስድስት ሰከንድ አስነፋዋለሁ። የአየር ቧንቧን የሚያሰፋውን ሳልቡታሞል ስቦ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲደገም፣ በጠቅላላው 3.2 ሊትር አወጣ፤ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ግን 1.6 ሊትር ብቻ ነው። ግማሽ ማለት ነው። ከመድኃኒቱ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአየር ቧንቧው መጥበቡ ይረጋገጣል።

“ካሁን በኋላ ባቆም ምን ይጠቅመኛል?” አለኝ። የጠፋው አይመለስም፤ አልዋሸሁትም። ነገር ግን ማጨሱን ከቀጠለ በመጀመሪያው ሰከንድ ከሚያወጣው አየር በዓመት ወደ 60 ሚሊ ሊትር ሊያጣ ይችላል፤ ካቆመ ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። በዚህ ስሌት ከአሥር ዓመት በኋላ 1 ሊትር ወይም 1.3 ሊትር ይቀረዋል። ልዩነቱ በወረቀት ትንሽ ይመስላል፤ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ሳሉና አክታውም ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት እየቀነሱ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን የምጠይቀው ይህንን ነው። ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነና ለዓመታት ያጨሰ ሰው አክታው ነጻ ሲሆን ወደ ትንፋሽ ምርመራ ይላክ። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ ነቀርሳ ያለበት ሰው በኃይል ሲነፋ ተሕዋስያኑን ለክፍሉ ሁሉ ይበትናል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው ባይገዛም ግድ የለም፤ አንድ ቦታ ይሁን፣ ነገር ግን የሚያስነፋ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የአፍ መያዣና ሳልቡታሞል አብረው ይመደቡለት። ባለሙያዎቹን ለማሠልጠን እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር