«ለ» የማትገባበት ተረት፦ ለአራተኛ ክፍል ወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበታችሁ?

በዚህ ሳምንት በልጆቻችሁ ደብተር ውስጥ አንዲት አጭር ተረት ታገኛላችሁ። ከአማርኛ መምህራቸው ጋር ሆነው በክፍል ውስጥ የጻፏት ናት። ሕጓ አንድ ነው፤ ከ«ለ» ቤት አንድም ፊደል አይገባባትም። ከለ እስከ ሎ ያሉት ሰባቱም፣ ሏም ጭምር ክልክል ናቸው። የተመረጠው «ሰ» ቢሆን ኖሮ ድምፁ አንድ ስለሆነ «ሠ»ም አብሮ ይወጣ ነበር።

ልጆቹ መጀመሪያ የመረጡት ባለታሪክ ግመል ነበር። ግመል ል አለበት፤ ፍየልም፣ ጥንቸልም፣ ኤሊም እንዲሁ። ስለዚህ አህያና ጫጩት ተመረጡ። ከሰፈሮቻችንም መጋላና ለገሀሬ ወጡ፤ ከዚራ፣ ሳቢያንና ደቻቱ ገቡ። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ለስም ምትክ አይጠፋም። ከባዱ ሰዋስው ላይ ነበር። «ይሄዳል»፣ «ትሄዳለች» የመሳሰሉት ግሶች ሁሉ ይኸው ፊደል ስላለባቸው አሁን የሚሆነውን ነገር መናገር ይከብዳል። «አለ»፣ «አለች»፣ «መለሰች» ስለሌሉ የሰውን ንግግር ማስገባት ያስቸግራል። «አልመጣም» ስለማይባልም ያልሆነን ነገር ለመናገር ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። የተረት መክፈቻችን «የላም በረት» እንኳ ቀርቷል።

ተረቷ ይህች ናት፦

ተረት ተረት። የመሠረት።

አንዲት ግራጫ አህያ በደቻቱ ዳር ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃ ተሸክማ ወደ ከዚራ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ደረቁን ወንዝ ስታቋርጥ አሸዋው ውስጥ አንዲት ጫጩት አየች። ጫጩቷ ትንቀጠቀጥ ነበር።

«እናትሽ የት ሄደች?» አህያዋ ጠየቀች።

«ወደ ሳቢያን። እኔ መንገዱ ጠፋኝ።» ጫጩቷ እያነባች ተናገረች።

ወዲያው ከተራራው ጀርባ ሰማዩ ጠቆረ። ከሩቅ የጎርፍ ድምፅ ተሰማ። አህያዋ ጀሪካኖቹን አራግፋ ተንበረከከች።

«ነይ፣ ውጪ!»

ጫጩቷ በአንገቷ አድርጋ ወጣች። አህያዋ ሮጠች። ጎርፉ እያጓራ ደረሰ፤ እነሱ ግን ማዶ ደርሰው ነበር።

ሲመሽ ሳቢያን ገቡ። እናት ዶሮ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ክንፏን ዘርግታ ጫጩቷን አቀፈች።

«ጀሪካኖችሽስ?» ጫጩቷ አህያዋን ጠየቀች።

«ጎርፉ ወሰዳቸው። አንቺን ግን ሳይወስድ ቀረ።»

መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። በልማድ ብንናገር «አንቺን ግን አልወሰደሽም» እንል ነበር። ያ ሲከለከል ልጆቹ «ሳይወስድ ቀረ» ላይ ደረሱ፤ ለእኔ ይኸኛው ይበልጥብኛል፤ ጎርፉ ሊወስዳት ፈልጎ እንደነበር ጭምር ይነግረናል። ከንግግር በኋላ «ጠየቀች» እና «ተናገረች» የገቡትም፣ አህያዋ «ጀርባዬ ላይ ውጪ» ሳትል «ነይ፣ ውጪ!» ብቻ ያለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎርፉ በመጣበት ሰዓት ያ አጭር ጥሪ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «ነበር» ግን በዝቷል። ይህ የሕጉ ዋጋ ነው፤ ልጆቹም ራሳቸው አስተውለውታል።

በሥራው መሐል አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለሴት «በይ» ስንል ሥሩ «በል» ነው፤ ታዲያ ይፈቀዳል ወይ? ገጹ ላይ የተጻፈው ብቻ እንዲቆጠር ተስማሙ፤ ስለዚህ ይፈቀዳል።

ስሕተት የሚያመልጠው ትልልቅ ቃላት ላይ አይደለም። «ላይ»፣ «በኩል»፣ «ሁሉ»፣ «ብሎ» የመሳሰሉት ትንንሾቹ ናቸው ሾልከው የሚገቡት፤ ዓይን ታሪኩን ሲከተል ያልፋቸዋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ቃል ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው፣ ቃል በቃል እየተመለሳችሁ አንብቡ። ትርጉሙ ሲቋረጥ ፊደሉ ብቅ ይላል። እናንተም በዚህ መንገድ ፈትሹልን፤ ያመለጠ ካገኛችሁ በእርሳስ ክበቡት እንጂ አታርሙት።

እስከ ዓርብ ድረስ እያንዳንዱ ልጅ «ነ» የሌለባት አምስት ስድስት መስመር ተረት በቤቱ ይጽፋል። ይህች ትከብዳለች። እስካሁን የረዳን «ነበር» ይጠፋል፤ «ነው»ም አይኖርም፤ «ጫጩቷን አቀፈች» የምንልበት ንም ይሄዳል። «ይሄዳል»፣ «ትመጣለች» ግን ተመልሰዋልና ልጁ ሲቸገር ወደዚያ ምሩት። በቤታችሁ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪኛ የምትነጋገሩ ከሆነ ልጁ ታሪኩን መጀመሪያ በዚያ ቋንቋ ይንገራችሁ፤ ምን እንደሚሆን ካወቀ በኋላ በአማርኛ ቃል መምረጡ ይቀለዋል። ቃሉን እናንተ አትስጡት፤ «ይህን በሌላ እንዴት ትለዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ደብተሩን ዓርብ ጠዋት መላካችሁን አትርሱ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር