የምርምር ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዘጠና አንድ ተማሪዎች ምን ያህል ያሳያሉ?

ክበቡ ዘንድሮ ያዘጋጀው ስለ «የዕድገት አስተሳሰብ» በትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶችን ከነማብራሪያቸው የያዘ ዝርዝር ነው። የዕድገት አስተሳሰብ ማለት ችሎታ በልፋትና በትክክለኛ ዘዴ ይዳብራል ብሎ ማመን ነው። ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ ተመድቧል፤ ስንት ተማሪዎች እንደተሳተፉ፣ ምን እንደተለካና ሌሎች ሲደግሙት ምን እንደተገኘ ይጻፍበታል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ጊዜ የወሰደው በ2007 ብላክዌል፣ ትዝስኒየቭስኪና ድዌክ ያሳተሙት ጥናት ነው። በኒው ዮርክ 91 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በስምንት ክፍለ ጊዜ የአጠናን ዘዴ ተማሩ። ከእነዚህ 48ቱ በተጨማሪ አንጎል በመማር እንደሚለወጥ ተነገራቸው። የቀሩት 43 ተማሪዎች የሒሳብ ውጤት መውረዱን ሲቀጥል የ48ቱ ግን መውረዱ ቆመ። ገጹ መጀመሪያ እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር፤ ትችቱ የመጣው ሌላ ገጽ አጠገቡ ሲቀመጥ ነው።

ያ ገጽ በ2018 ሲስክና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘኑበት ነው። ትምህርቱ ያመጣው አማካይ ለውጥ የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ በሚያሳየው በመደበኛ ልይይት ሲለካ 0.08 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ይጠቅማል፦ 16 ለለውጡ ካሬ ሲካፈል በየቡድኑ የሚያስፈልገውን የተማሪ ብዛት በግምት ይሰጣል፤ ይህን ያህል ተማሪ ካለ ለውጡን የማየት ዕድሉ 80 በመቶ ነው። 16 ÷ 0.0064 = 2,500። በየቡድኑ 45 ያህል ተማሪ ያለው ጥናት ግን በዚያው ዕድል የሚያየው 0.6 ገደማ የሆነ ትልቅ ለውጥን ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ለውጥ ትንሽ ከሆነ፣ በትንሽ ጥናት «ተገኘ» የተባለው ቁጥር ተጋንኖ መውጣቱ አይቀርም። ሲደገም የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የግድ ማጭበርበር ስላለ አይደለም።

በ2019 ዬገርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 65 ትምህርት ቤቶች 12,490 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን አሳተፉ። የትንተናው ዕቅድ አስቀድሞ ተመዝግቧል፤ ትምህርቱ በኮምፒውተር የተሰጠና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር። ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች ከ4 የሚታሰበው አማካይ ነጥብ በ0.10 ያህል ከፍ አለ። ተማሪዎቻችን ጥናቱን በአንድ ቃል «ሠርቷል» ብለው ጽፈው ነበር፤ ኋላ ቃሉ ተሰርዞ ለየትኞቹ ተማሪዎችና በምን ያህል የሚለው ተተካበት።

በዚያው ዓመት የታተመው የእንግሊዝ ጥናት 101 ትምህርት ቤቶች ነበሩት፤ በገለልተኛ ገምጋሚዎች ተለክቶ ምንም ተጨማሪ የውጤት ዕድገት አላሳየም። የክበቡ ማስታወሻ ሁለት ነገር ይጨምራል፦ እዚያ ያስተማሩት የሠለጠኑ መምህራን እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም፤ በማነጻጸሪያዎቹ ትምህርት ቤቶችም ሐሳቡ አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር ልዩነቱ ጠቦ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም «የአሜሪካውን አፈረሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከገጹ ወጥቷል።