የማሸጊያ ፎቶዎችን ወደ ሠንጠረዥ ስለማስገባት

ለተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፤

ከጎንደር ቅዳሜ ገበያና ከፒያሳ ሱቆች ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች ስንመዘግብ፣ ብዙው ስህተት የሚመጣው ቁጥሩ ለስንት ግራም እንደተሰጠ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። አንዱ ብስኩት በ30 ግራም ውስጥ 7.5 ግራም ስኳር እንዳለው ሲገልጽ፣ ሌላው በ100 ግራም 22 ግራም ይላል። እንዳሉ ቢገቡ የመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል፤ 7.5 ለ30 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ግን 25 ግራም ይሆናል። ስለዚህ የታተመው ቁጥርና የተሰጠበት መጠን በየራሳቸው ዓምድ ሳይለወጡ ይግቡ፤ ስሌቱ በሌላ ዓምድ ይከተል።

ሶዲየምና ጨውም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብስኩት በ30 ግራም 120 ሚሊግራም ሶዲየም ስለሚል፣ በ100 ግራም 400 ሚሊግራም ይሆናል፤ በ2.5 ሲባዛ 1 ግራም ጨው ነው።

ላስቲኩ ሲያብረቀርቅ ወይም ሲጨማደድ ነጥቡ ስለሚጠፋ፣ ስልኩ 7.5ን 75 ብሎ ያነበበበት ጊዜ አለ። በ30 ግራም ብስኩት ውስጥ 75 ግራም ስኳር ሊኖር አይችልም፤ ከጠቅላላው ካርቦሃይድሬት የበለጠ ስኳር ካያችሁም ፎቶውን ድገሙት። ያልተጻፈ ነገር ባዶ ይተው እንጂ ዜሮ አይሞላ።

የግብዓቶቹ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት የተደረደረ በመሆኑ፣ እባካችሁ ቅደም ተከተሉን በፊደል ተራ አትለውጡት።