ለናቲ ልደት ስላሰብኩት ስጦታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ሰሞኑን ለቀቅ አድርጎታል። ናቲ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነውና «ምን እንግዛለት?» ብለሽ የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ስልሳ ዕቃ ያለው የፕላስቲክ ማድቤት መልኩ ያምራል፤ እኔ ግን ይቅርብሽ እላለሁ። መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያየሁት፣ ዕቃ ሲበዛለት ልጅ ይበትናል እንጂ አይጫወትም። እዚያው አሜሪካ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች አንዴ 4፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 16 መጫወቻ እየሰጡ ተመልክተው ነበር፤ ጥናቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ አራት ብቻ ሲሰጣቸው አንዱን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተለያየ መንገድ ተጫወቱበት።

ስለዚህ እኔ የቡና ዕቃ አዘጋጅቼለታለሁ። ትንሽ ረከቦት፣ አንድ ጀበና፣ አራት ስኒ፣ አንድ ሙቀጫ፤ በቃ። ጀበናውን ከቡናማ ጨርቅ ሰፍቼ ጥጥ ሞልቼዋለሁ። የሸክላው ትንሽዬ ጀበና ገበያ ሞልቷል፤ ግን አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ማረፉ አይቀርም፣ ስባሪውም እጅ ይቆርጣል። ባለቤትሽ «ወንድ ልጅ ቡና ያፈላል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እሱ ራሱ ጠዋት ጠዋት ማን እንደሚያፈላለት ጠይቂልኝ።

ቡናን የመረጥኩት ለባህል ብዬ ብቻ አይደለም። እቃቃ ቃል የሚያስተምረው ዕቃው ውስጥ ሥራ ሲኖር ነው። ናቲ «ስኒ»፣ «ውሃ»፣ «ዳቦ» ይላል፤ የነገር ስም አላነሰውም። ያነሰው ግስ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያለው ግሱ ላይ ነው። ቡና ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዳል። ባለፈው ክረምት እናንተ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለሁ፣ ከወጥ ቤትሽ ባገኘናቸው የቡና ዕቃዎች ስንጫወት፣ «አያቴ፣ ቡና አፈሰስኩልሽ» አለኝ። ያን ጊዜ አንቺ ከወዲያ «አፈሰስኩ አይባልም!» ብለሽ ጮኽሽ፤ እሱም ዝም አለ። እንዲህ ሲል አታርሚው። እንግዳ ነሽና እንደ እንግዳ መልሺለት፤ «ቀዳህልኝ? እግዜር ይስጥልኝ። እስቲ ለአባባም ቅዳላቸው» በይው። ትክክለኛው ቃል ሁለት ጊዜ ጆሮው ገባ፣ ጨዋታውም አልተቋረጠም። እኔ እንዲህ ስለው ሰነበትኩና በሳምንቱ ገደማ «ልቅዳልሽ?» ብሎ ጀበናውን አነሳ።

ደግሞ «ፈላ» እና «አፈላ»፣ «ፈሰሰ» እና «አፈሰሰ» የሚለያዩት እዚህ ጨዋታ ላይ ነው። ልጆች ይህንን ቶሎ ይነቃሉ፤ የደፋው ራሱ ሆኖ «ቡናው ፈሰሰ» ይልሻል፣ ቡናው በገዛ እግሩ የሄደ ይመስል። «ማን አፈሰሰው?» በይና ሳቂ።

አንቱታም እንዲሁ ነው። እዚያ አገር ናቲ ሽማግሌን አንቱ የሚልበት አጋጣሚ የት አለ? አንቺ በሩን ቆርቁሪና «ቤቶች!» በይ፤ ነጠላ ጣል አድርገሽ እማማ ሁኚ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይጠጡ» ማለትን የሚለምደው እንግዳው የእውነት እንግዳ ሲመስለው ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ «ይህ ምንድን ነው? ቀለሙስ ምንድን ነው?» እያልሽ አታፋጥጪው። ጨዋታው ፈተና ከሆነበት ተነሥቶ ይሄዳል። ከመጠየቅ ይልቅ «ኧረ ቡናዬ ስኳር አነሰው» በይና ጠብቂ፤ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። የሦስት ዓመት ልጅ ቃሉን ፈልጎ እስኪያመጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ቸኩለን እንናገርለታለን። የሚዘፍንና የሚያወራ መጫወቻ የማልወደውም ለዚህ ነው። ዕቃው ካወራ ልጁም እናቱም ዝም ይላሉ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። የጎረቤትሽ ልጅ የመጣች ዕለት ሁለቱም አንዱን ዕቃ ይዘው ሲጓተቱ «ተካፈሉ!» አልሻቸው፤ ጭራሽ ባሰባቸው። አይፈረድባቸውም። ዳቦ ነው የሚካፈሉት፤ ለሁለት ይቆረሳል። ጀበና አይቆረስም። ልጁ የሚሰማው «ንብረትህን ስጥ» የሚል ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች ገና ጎን ለጎን ከመጫወት አብሮ ወደ መጫወት እየተሻገሩ ነው፤ ጠቡ የባለጌነት ምልክት አይደለም። የሚያስፈልጋቸው መካፈል ሳይሆን ተራ ነው። «አምስት ደቂቃ ጠብቅ» ብትይው ደግሞ አምስት ደቂቃ ለሱ ምንም ማለት አይደለም፤ ማለቂያውን አያየውም።

ቡና ግን ተራው ከራሱ ጋር ነው የመጣው። ያኔ እናንተ ጋ ስንጫወት አቦልን ናቲ ቀዳ፤ ሁላችንም ጠጣን፣ ስኒው ተመልሶ ረከቦቱ ላይ ተደረደረ። ያ ለልጅ ዓይን የሚታይ ማለቂያ ነው። ቶና የልጅቷ ሆነ፣ በረካ የእኔ። የማይቀዳው ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ አንዱ ሲቀዳ ሌላው ሙቀጫውን ይወቅጣል፣ ወይም ስኒ ያዞራል። በመጀመሪያው ቀን ናቲ ቶና ላይ ጀበናውን አልለቅም ብሎ አለቀሰ። አልነጠቅኩትም፤ «እንግዲህ ቶና ሳንጠጣ ልንቀር ነው» ብዬ ስኒዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ ወደ እሷ ገፋው። በአራተኛው ቀን ማንም ሳይነግረው «ቶና ያንቺ ነው» አላት። ሥራው እንደያዘ የምታውቂው በዚህ ነው፤ ተራውን ልጁ ራሱ ሲጠራው። ደግሞም የቡናው ባለቤት ሥራ መስጠት ነው፤ የሚቀበል ከሌለ ቡናው ቡና አይሆንም።

ይህ ማለት ግን ቀዩን መኪናውን ያበድራል ማለት አይደለም። አያበድርም። ልጅ ሊመጣ ሲል በጣም የሚወደውን አንድ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቂለት፤ የቀረውን ለእንግዳ እንደሚያወጣው አስቀድመሽ ንገሪው።

ሌላው፣ እውነተኛ የቡና ፍሬ እንዳትሰጪው። አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል፣ ትን ካለውም መተንፈሻውን ይዘጋዋል። በባዶ ሙቀጫ ይውቀጥ፤ ለእሱ ሞልቷል። «ከ3 ዓመት በላይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መጫወቻ ትንንሽ ቁራጭ ሊኖረው ይችላል፤ ናቲ ደግሞ ሦስት ስለሞላው ብቻ ነገር ወደ አፉ መክተቱን በዚያው ዕለት አያቆምም። የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን ካርቶን ውሰጂና በውስጡ የሚያልፈውን ሁሉ አርቂው። ሰው በስጦታ የሚያመጣው ድምፅ ያለው ዕቃ ካለ የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን እዪ። ያቺ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ሳትዘገዪ ሆስፒታል ውሰጂው።

ዕቃውን የአክስትሽ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልሽ ትመጣለች። ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጪው፤ በመጀመሪያ ጀበናውንና ሁለት ስኒ፣ ሙቀጫውን በሳምንቱ። ረከቦቱ አንድ እግሩ ትንሽ ያነክሳል፤ አናጢው አጥሮበት ነው፣ ከሥሩ ካርቶን አጥፈሽ አድርጊበት።

እናትሽ